ከኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጋር የሚሄደው መልእክት

ጥያቄ፦ «ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቅኩት። ካናዳ ለማስተርስ አመልክቼ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከሬጅስትራር ይላክ አሉኝ። አብሮት ምን ተጽፎ ይሂድ? ስሜ ፓስፖርቱና ትራንስክሪፕቱ ላይ ትንሽ ይለያያል።»

ወንድሜ፣ እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ኮምፒውተር ቤት ስለምሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው የምውለው። ብዙው ሰው የሕይወት ታሪኩን ሊያጽፍ ይመጣል። እዚያ ፖስታውን የሚከፍተው ሠራተኛ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ወረቀት የየትኛው ማመልከቻ ነው?

ስለዚህ የማመልከቻ ቁጥርህ ይቅደም። ከዚያ ሙሉ ስምህ ልክ ማመልከቻው ላይ እንደሞላኸው፣ የትውልድ ቀንህ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያመለከትክበት ፕሮግራም። በቃ።

የስሙን ነገር ግን በዋዛ እንዳታልፈው። እኛ አገር መሐመድ ሲባል አንዱ Mohammed፣ ሌላው Mohamed ብሎ ይጽፈዋል። ዩሱፍም Yusuf እና Yesuf ይሆናል። ለእኛ ያው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ለሚፈልግህ ሰው ግን ሁለት ሰው ነህ። በዚያ ላይ ፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያትን ስም ይይዛል። ማመልከቻው ላይ የአባትህን ስም ሞልተህ ከሆነ ወረቀትህ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ልዩነቱን ራስህ ቀድመህ ንገራቸው። በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦

«ትራንስክሪፕቱ ላይ ስሜ Mohamed Yesuf Ali ተብሎ ተጽፏል። ፓስፖርቴና ማመልከቻዬ ላይ Mohammed Yusuf Ali ነው። ሁለቱም እኔው ነኝ፤ የፓስፖርቴን ኮፒ አያይዣለሁ። የተመረቅኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2015 ነው፤ ይህም በእናንተ ሐምሌ 2023 ማለት ነው።»

የመጨረሻዋ መስመር ትራንስክሪፕትህ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ብቻ ነው የምታስፈልገው። ያለ እሷ በእውነት ከተመረቅክበት ስምንት ዓመት ቀድመህ የተመረቅክ ይመስላቸዋል።

አሁን ማን ይላከው? ይሄን መልእክት አንተ በራስህ ኢሜይል ትልካለህ፤ ያመለከትክበትን ኢሜይል ተጠቀም። ትራንስክሪፕቱን ግን ሬጅስትራሩ ነው የሚልከው። ኮስት ሼሪንግህን ጨርሰህ ስትሄድ የማመልከቻ ቁጥርህንና የተቀባዩን ሙሉ አድራሻ በታይፕ አስጽፈህ ስጣቸውና ከትራንስክሪፕቱ ጋር ፖስታው ውስጥ እንዲገባ ለምናቸው። ቢሮ ውስጥ ሰልፉ ረዝሞ የሰለቸው ሰው በእጅ ሲጽፈው ቁጥር ይሳሳታል፤ እኔ አልፈርድበትም። ፖስታው ታሽጎ ማኅተሙ ክዳኑ ላይ መመታቱን እይ። ወስደህ ፖስታ ቤት አድርስ ብለው በእጅህ ከሰጡህ እንዳትከፍተው፤ ከተከፈተ ኦፊሻልነቱ ቀረ። ካናዳዎቹ በኢሜይል እንቀበላለን ካሉ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲላክ ጠይቅ። ከጂሜይል የመጣ ትራንስክሪፕት ብዙ ቦታ አይቀበሉትም።

ፖስታው እንደተላከ የመከታተያ ቁጥሩን ያዝና ኢሜይልህን ያኔ ላክ፤ ቁጥሩንም መጨረሻ ላይ ጨምርበት። መከታተያው ደርሷል እያለ ማመልከቻህ ላይ ግን «አልደረሰም» የሚል ከቆየ፣ አዲስ ኢሜይል አትጀምር። በዚያችው ላይ መልስ ብለህ የደረሰበትን ቀን ጻፍላቸው፤ ያኔ በሁለቱም ስም ይፈልጉታል።