«አልፈልግህም» እና «አልፈልግም»

ጥያቄ፦ «አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እራት ልጋብዝሽ እያለ ሲያስቸግረኝ ‹አልፈልግህም› አልኩት። ሰላምታ እንኳ ነሳኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ‹እሺ፣ ሌላ ጊዜ› ብዬ ነበር፤ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ ይደውላል። ሳልሳደብም ተስፋ ሳልሰጥም እንዴት ልበል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረባሽን ያስከፋችው አንዲት ፊደል ናት፤ «ህ»። በኦሮምኛ «ሲ ሂን ባርባዱ» ስትዪ «አንተን» የሚለው «ሲ» ለብቻው የቆመ ቃል ነው። በአማርኛ ግን ሰውየው ግሡ ውስጥ ይገባል። «አልፈልግም» ስትዪ ያልፈለግሽው ነገሩን ነው። «አልፈልግህም» ስትዪ ያልፈለግሽው ሰውየውን ራሱን ነው። በዚያ ላይ «መፈለግ» በአማርኛ መሻት ብቻ አይደለም፤ ጉዳይ መኖርም ነው። አለቃ ሠራተኛውን «እፈልግሃለሁ» ሲለው ጉዳይ አለኝ ማለቱ ነው። ስለዚህ ባልደረባሽ የሰማው «ለምንም አትጠቅመኝም» የሚል ያህል ነው። አንቺ ያንን ለማለት አላሰብሽም፤ እሱ ግን የሰማው ያንን ነው። «አልወድህም» እና «ደስ አትለኝም» የሚሉትም እንደዚሁ ሰውየውን ይነካሉ።

እንግዲህ እምቢታው ሰውየው ላይ ሳይሆን ነገሩ ላይ ይረፍ። ለዚህ አማርኛ አንድ ጥሩ ቃል አለው፤ «ይቅርብኝ»። «ብኝ» የምትለዋ ጉዳቱን ወደ ተናጋሪው ትወስዳለች። ሰርግ ያመለጠው ሰው «ሰርጉ ቀረብኝ» እንደሚለው ማለት ነው። «እራቱ ይቅርብኝ» ስትዪ የሚያመልጠው አንቺን ነው፤ ጋባዡ አልተናቀም። ግን ድምፅሽን ለስለስ አድርጊው። ቆጣ ብለሽ ካልሽው ንቀት ይሆናል። ደግሞም «ይቅርብኝ» የሚመልሰው የዛሬውን እራት ብቻ ነው። ነገ ቡና ልጋብዝሽ ቢል አልተከለከለም። ስለዚህ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ያስፈልግሻል።

ወደ ሁለተኛው ሰውዬ ልምጣ። እሱ የሚደውለው ስለፈቀድሽለት ነው። «እሺ» አንዳንዴ «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። ለግብዣ ሲመለስ ግን ስምምነት ነው። መስማትሽን ብቻ ለመግለጽ «ገባኝ» በዪ። «ሌላ ጊዜ»፣ «ለጊዜው»፣ «አሁን አይመቸኝም»፣ «እናያለን»፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜን እንጂ ነገሩን አይከለክሉም። የአፍ መፍቻው አማርኛ የሆነ ሰው ከፊትሽና ከድምፅሽ እምቢታውን ሊያነብ ይችል ይሆናል፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ግን ቃሉን ይዞ «መቼ ይመችሻል?» ይላል። «እጮኛ አለኝ» የሚለውም፣ እውነት ካልሆነ፣ አይጠቅምሽም። ነገ «እጮኛሽስ?» ይመጣል።

አሁን ንግግሩን እንየው። «ዛሬ ማታ እራት ልጋብዝሽ?» ይላል። «ስለጋበዝከኝ አመሰግናለሁ፤ ግን ይቅርብኝ» ትያለሽ። «ምነው፣ አይመችሽም?» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፤ «አዎ፣ ሥራ በዝቶብኝ» ብሎ በሩን መልሶ ይከፍታል። አንቺ እንዲህ በዪ፦ «አይ፣ ጊዜ አጥቼ አይደለም። ከሥራ ጓደኝነት ያለፈ ነገር አልፈልግም። በሥራችን ግን እንደ ድሯችን ነን።» ልብ በዪ፣ «አልፈልግም» ነው ያልሽው፤ «ህ» የለችም። ያልተፈለገው «ያለፈ ነገር» ነው። «አሁን» የሚል ቃልም አልገባም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ክብሩን ትጠብቅለታለች። እኔ ብትቀር አልወድም።

«ወንድሜ» ብትጨምሪስ? ጥሩ ነው፤ ዝምድናውን ስለሚወስን ፍቅሩን ይዘጋል። «ወንድምዬ» ግን አትበዪ። «ዬ» ማቆላመጫ ናት፤ የዘጋሽውን ትከፍታለች። የስሙ መጨረሻ ላይ «ዬ» መጨመርም እንደዚያው ነው።

በማግስቱ እንደ ወትሮው «ደህና አደርክ?» በዪው። አክብሮት መስሎሽ ወደ «እርስዎ» እንዳትዞሪ። እኩያሽን፣ ትናንት አንተ ስትዪው የነበረውን ሰው፣ ዛሬ «እርስዎ» ብትዪው ተቆጥታብኛለች ብሎ ነው የሚረዳው።

ይህ ሁሉ ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሰውየው እየደጋገመ ካስቸገረሽ ምስጋናውንም «ይቅርብኝ»ንም ተዪያቸው። «ነግሬሃለሁ፤ አልፈልግም» በዪና ዝም በዪ። እዚህም ላይ «ህ»፣ «ሃ» ሆና የገባችው «ነግሬሃለሁ» ላይ ነው። መልሱ እንደተሰጠው ታስታውሰዋለች፤ አትሰድበውም። ለዚያ ለሚደውለው ሰው ደግሞ «እሺ ማለቴ ስህተት ነበር፤ ሌላ ጊዜም አይሆንም» በዪው። የሰጠሽውን ቃል ራሱን እየጠራሽ ካልመለስሽው፣ ሌላ አዲስ ሰበብ ብትደረድሪ የድሮውን «እሺ» አያጠፋውም።