ጓደኛችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትላችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ከወጣት የሥራ ባልደረቦቼ በበዓል ሰሞን ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ ሙስሊም ጓደኛዬ ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ብላ ጻፈችልኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?» ሙስሊሞቹም በዒድ ጊዜ በተራቸው ይህንኑ ይጠይቁኛል። እኔ ደሴ ውስጥ በነርስነት ያረጀሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው የሁለቱንም በዓል እያየ ስለሚያድግ መልሱ አይጠፋውም። ሁላችሁም ግን እንደዚያ አላደጋችሁም፤ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ቃሉ ቀላል ነው። «አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» በሉ። አንዳንዶቻችሁ «በዓሉ የእሷ አይደለም፣ እንዴት አብሮ እላታለሁ?» ትላላችሁ። አትጨነቁ። ሁላችንም በሕይወት ለዚህ ቀን ደረስን ማለት ነው፤ ማንንም ከሃይማኖቱ አያስወጣም። ለእኩያም ለሽማግሌም እኩል ይሆናል። ከዚያ ምርቃት ጨምሩበት፤ «ከዓመት ዓመት በሰላም ያድርሰን» ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን የእሷን በዓል ጥሩላት፤ «ለዒዱም በሰላም ያድርስሽ»። እኔ ከሁሉም የምወዳት ይህቺን ነው። ጓደኛችሁ የእናንተን ቀን አስታውሳለች፤ እናንተም የእሷን እንደምታስታውሱ ታያለች።

ለራሳችን ሰው ብቻ የምንለው ሰላምታ ግን አለ። ከፋሲካ በኋላ ኦርቶዶክሶች ስንገናኝ አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል፤ ሌላው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ «ፍሥሐ ወሰላም» ይዘልቃል። ይህ የእምነት ምስክርነት ነው። ለሙስሊም ጓደኛችሁ ስትልኩት የማታምንበትን እንድትቀበል ትጠብቃላችሁ ማለት ነው፤ ዝም ብትልም ይከብዳታል፣ ብትመልስም ይከብዳታል። በዒድም እንዲሁ ነው። «ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም» የሚለው፣ አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበለን ማለት፣ የጾሙና የሰገዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡት ዱዓ ነው። እናንተ ሙስሊሞች ለክርስቲያን ጓደኛችሁ «አሚን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» ካላችሁ ይበቃል። እናንተ ክርስቲያኖችም «ዒድ ሙባረክ» በሉ፤ ያስደስታል።

ሥዕል ስትልኩም ይህን አስቡ። እሷ ሁለት መስመር በእጇ ጽፋ ልካላችሁ፣ እናንተ ከአንድ ግሩፕ ላይ ያገኛችሁትን የሥላሴ ሥዕል ወይም የስብከት ቪዲዮ ፎርዋርድ አድርጋችሁ ብትመልሱ ልክ አይመጣም። ለጻፈ ሰው ይጻፍለታል። ስሟንም ጥሩት። በዕድሜ ለሚበልጧችሁ ከሆነ ደግሞ ደውሉ፤ ለትልቅ ሰው ቴክስት አይበቃም።

ሰላምታው ቀኑን ስቶ ቢመጣስ? ይመጣል። በስቅለት ዓርብ፣ እናንተ ስግደት ላይ ሳላችሁ፣ «መልካም ፋሲካ» የሚል መልእክት ይገባል። «ዛሬ አይደለም፣ እሑድ ነው» ብላችሁ አታርሙ። አመስግኑ፣ መርቁ፣ በቃ። ሙስሊሙም ጨረቃ ባለመታየቷ ዒዱ በአንድ ቀን ሲገፋ ከክርስቲያን ጓደኞቹ ቀድሞ የሚደርሰውን ምኞት በደስታ ይቀበለው። ጓደኛችሁ ራሷ ስለ በዓሉ ከጠየቀቻችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ በደንብ አስረዱ።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ፤ ግብዣ። የበዓል ሰላምታ ብዙ ጊዜ ግብዣን ይጎትታል፤ እዚህ ላይ የሁለቱን አቆጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። የሒጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ በዚያው ያህል ቀድሞ ይመጣል። በ2013 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ዋለ፤ ረመዳን ገና አልተፈታም ነበር። እኔ በምሠራበት ክፍል የቅዳሜዋን ሌሊት ተረኛ መሆን ነበረብኝ። አንዲት ሙስሊም ባልደረባዬ ሳልጠይቃት ተካችኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ መልእክቷ ስልኬ ላይ ነበር፦ «ሲስተር፣ እንኳን አደረሰሽ። ዋርዱ ሰላም ነው፤ ተረጋግተሽ ፈስኪ።» እሷ ያን ጊዜ ሱሁሯን እዚያው በልታ ልትጾም እየተዘጋጀች ነው።

እንግዲህ እንዲህ ላለችው ሰው «ነገ ምሳ ነይ» አይባልም። ጾመኛ ናት። እኔ የጻፍኩላት ይህን ነው፦ «አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ። ለአፍጥር ዳቦና ተምር እልክልሻለሁ፤ ለዒድ የአንቺን ተራ እኔ እገባለሁ።» ድፎ ዳቦውን ያልኩት ሥጋ የሌለበት ስለሆነ ነው። ዒድ ግንቦት 5 ቀን ዋለ፤ እኔም ገባሁላት። ሰላምታን ከሁሉ አስበልጦ የሚመልሰው ይህ ይመስለኛል፤ በሥራ ቦታ የምትኖሩ ሁሉ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

በ2017 ደግሞ ተገላበጠ። ዒድ አልፈጥር መጋቢት 21 ዋለ፤ እኛ ሁዳዴ ላይ ነን፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። «ዒድ ሙባረክ» ስትሏት «ነይ እንጂ ምሳ» ትላችኋለች። ዝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ከማዕድ ላይ ቀርባችሁም «አልበላም» አትበሉ፤ ጋባዧን ያሳፍራል። ግብዣው እንደመጣ ንገሯት፦ «እመጣለሁ፣ ጾም ላይ ነኝ፤ ሻይና ቡና እጠጣለሁ።» በፍስክ ጊዜም ቢሆን የሥጋው ነገር ቀድሞ ይነሣ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ኦርቶዶክስ አይበላም፤ ይህን ሁለቱም ቤት ያውቀዋል። የእኛ አገር ሰው መላውን አግኝቶለታል። ሙስሊም እንግዳ የጠራ ክርስቲያን ሙስሊም ጎረቤቱን አሳርዶ በተለየ ድስትና ሰሃን ያቀርባል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ። ያ ካልተመቸ በሥጋ ፋንታ ሌላ ይቀርባል። ጋባዡ «ለብቻ ተዘጋጅቷል» ካላችሁ እመኑት። እናንተም ስትጋብዙ ይህችን ቃል አስቀድሙ፤ እንግዳው ሳይሳቀቅ ይመጣል።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዒድ የመንግሥት በዓል ያልነበረበት ዘመን ነበር። ሚያዝያ 1966 ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ በዓላቸው ብሔራዊ በዓል ሆኖ እንዲከበር ነው፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ሥራ የሚዘጋባቸው ቀናት ሆኑ። እናንተ ካሌንደር ላይ ቀይ ሆኖ ነው ያገኛችሁት።

ፕሮቴስታንት ጓደኛ ያላችሁ፣ ገናና ፋሲካ አንድ ላይ ስለምናከብር ችግር የለም። ጥምቀትና መስቀል ላይ እንኳን አደረሰህ ሲላችሁ «አብሮ ያድርሰን» ብላችሁ ተቀበሉት፤ ታቦት ለምን አትሸኝም ብላችሁ ግን አትከራከሩት።

የቀሩት የሌላ ሃይማኖት በዓል ላይ እንኳን አደረሰህ ማለት ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የሚሉ ናቸው። በክርስቲያንም በሙስሊምም ዘንድ አሉ። ምላሽ ካልመጣላችሁ ቂም አትያዙ፤ ደግማችሁም አትጠይቁ። እንዲህ ያለው ጓደኛችሁ በበዓሉ ቀን ዝም ብሎ በማግሥቱ «ዕረፍት እንዴት ነበር? ቤተሰብ ደህና?» ካላችሁ፣ ሰላምታውን በሚፈቀድለት በኩል አምጥቶላችኋል። «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያንተስ?» በሉት።