እገሌ የቱ እንደሆነ ሳታዩ ወደ «ሁሉም» አትውጡ

ልጆች፣ ሎጂክ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሳርማቸው በኖርኳቸው ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ስህተት አለ። እኔም በወጣትነቴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለሱ ነው።

አማርኛችን «እገሌ» የሚባል ቃል አለው። ስም ሳንጠራ ስለ ሰው የምናወራበት ነው። ናቹራል ዲዳክሽን በሚባለው፣ ከመነሻ ወደ ድምዳሜ በሕግ ደረጃ በደረጃ በምንሄድበት ዘዴ ውስጥ «ሁሉም» (∀) እና «አለ» (∃) የሚሉትን ኳንቲፋየሮች የምናንቀሳቅሰው በዚሁ መንገድ ነው። a፣ b እያልን የምንጽፋቸው ፊደሎች እገሌዎች ናቸው።

ሕጎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ብዙም አያስቸግሩም። ስለ ሁሉም የተባለ ነገር ስለ እገሌም ይባላል፤ ∀x Px ካለን Pa ማለት እንችላለን። ስለ እገሌ የተረጋገጠ ነገር ካለ ደግሞ «እንዲህ ያለ አንድ አለ» ማለት እንችላለን፤ ከ Pa ወደ ∃x Px። ጣጣው ያለው በቀሩት ሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው ከእገሌ ወደ ሁሉም መውጣት ነው። ሁለተኛው «አንድ አለ» ከተባለ በኋላ ለዚያ አንዱ ስም አውጥቶ መቀጠል ነው።

ሁለቱም እገሌን ይጠቀማሉ፤ እገሌው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው እገሌ ማለት «ማንንም ውሰዱ» ማለት ነው። ስለሱ ለብቻው የምናውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ስለሱ ያረጋገጥነው ስለ ሁሉም ይሠራል። በሁለተኛው ግን ለምሳሌ «ማታ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ገብቷል፤ እገሌ እንበለው» እንላለን። ስለዚህኛው እገሌ አንድ ነገር እናውቃለን፦ ገብቷል። ከሱ ተነስተን «ሁሉም ሰው ማታ ገብቷል» ብንል ማንም አይሰማንም።

ክልከላው የመጣው ከዚህ ነው። ከ a ወደ ∀ ለመውጣት a በመነሻዎቹም ሆነ ገና ባልተዘጋ ግምት ውስጥ መኖር የለበትም። ግምት የምለው «እንበል» ብለን የከፈትነውን ነው። ከዚያ ክፍል እስክንወጣ ድረስ ግምቱ ክፍት ነው።

አሁን ያንን ሰሌዳ ላሳያችሁ። የ | ምልክት ያለባቸው መስመሮች ግምቱ ክፍት የሆነበት ክፍል ናቸው። መነሻው ስለ ቁጥሮች የታወቀ እውነት ነው፦ ለእያንዳንዱ ቁጥር ከሱ የሚበልጥ ቁጥር አለ።

```
1    ∀x∃y (x < y)     መነሻ
2    ∃y (a < y)       ከ1
3  |  a < b           ግምት
4  |  ∀x (x < b)      ከ3
5  |  ∃y∀x (x < y)    ከ4
6    ∃y∀x (x < y)     ከ2 እና ከ3–5
```

ጽፌ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አራተኛው መስመር ላይ በ x ቦታ b ን ብናስገባ b ከራሱ አይበልጥም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከ ∀x (x < b) ተነስቶ b < b ማለት ይቻላል። ከእውነት ተነስቼ ከቁጥር ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር አለ ብዬ አረጋግጬ ነበር። ያን ቀን ስህተት መኖሩን እንጂ የት እንዳለ ወዲያው ማሳየት አልቻልኩም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስድስተኛውን መስመር ነው። እዚያ ግን ምንም ጥፋት የለም። ለ«አለ» የወጣ ስም ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፦ መነሻዎቹም ሆነ ስሙ የወጣበት የ«አለ» መስመር ውስጥ ያልነበረ፣ ሌላ ክፍት ግምት ውስጥ ያልገባ፣ ከክፍሉ ይዘነው በምንወጣው ድምዳሜ ላይም የማይታይ መሆን አለበት። የእኛ b ሦስቱንም አሟልቷል። የተሰበረው አራተኛው መስመር ነው። በ a ላይ ወደ «ሁሉም» ስንወጣ ሦስተኛው መስመር ገና ክፍት ነው፤ a ደግሞ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። a በሁለተኛው መስመር ላይ ማንም ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን «ከ b የሚያንሰው» ሆነ።

«እሺ፣ መጀመሪያ ግምቱን ልዝጋና ከዚያ ልውጣ» የሚል ይኖራል። ሞክሩት። ከ a < b ይዛችሁ የምትወጡት b የሌለበት ነገር መሆን አለበት፤ ማለትም ∃y (a < y)። አሁን a ነፃ ስለሆነ ወደ ∀ መውጣት ይፈቀዳል። የምታገኙት ግን ∀x∃y (x < y) ነው፤ የተነሳችሁበት መስመር። a ነፃ የሚወጣው b ከሄደ በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ይሄ ነገር ሲገባኝ ደስ ያለኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ማረጋገጫ ደግሞ ይሠራል። «ለሁሉም የሚሆን አንድ አለ» ከሚለው «ለእያንዳንዱ የሚሆን አለ» ወደሚለው ስንሄድ የምንከፍተው ግምት ∀x Rxb ነው፤ R ማንኛውም ዝምድና ይሁን። ከሱ Rab፣ ቀጥሎ ∃y Ray፣ ቀጥሎ ∀x∃y Rxy። ወደ ∀ የወጣነው እዚህም ግምቱ ክፍት እያለ ነው። ነገር ግን ግምቱ ውስጥ ያለው b ብቻ ነው፤ a የለበትም። ስለዚህ ያልፋል። ሁለቱን ማረጋገጫዎች ጎን ለጎን ጽፋችሁ በ a ዙሪያ ክብ አድርጉ። ክቡ ክፍት ግምት ላይ ካረፈ ወደ ሁሉም የሚያስኬድ መንገድ ዝግ ነው።

ሌሎቹ ክልከላዎች አጭር ናቸው። «ተጋማሽ ቁጥር አለ» እና «ኢተጋማሽ ቁጥር አለ» ከሚሉ ሁለት መነሻዎች ለሁለቱም a የሚል ስም ካወጣችሁ ተጋማሽም ኢተጋማሽም የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። ለሁለተኛው አዲስ ስም ስጡት። ወደ ሁሉም ስትወጡም a ን በሙሉ ተኩ፤ ከ a = a ተነስታችሁ ∀x (x = a) ካላችሁ ዓለም ውስጥ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው ማለታችሁ ነው።

እነዚህን ሕጎች ጀርመናዊው የሎጂክ ሊቅ ጌርሃርድ ጌንትዘን ያሳተማቸው እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ነው። ችግሩ ግን ከሕጎቹ በፊትም ነበር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦገስቲን ሉዊ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የማይቆራረጡ ፈንክሽኖች ማለቂያ የሌለው ድምር ወደ አንድ ፈንክሽን ከተጠጋ ያም ፈንክሽን አይቆራረጥም ብሎ ጻፈ። ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ ኒልስ ሄንሪክ አቤል በ1826 ከዚህ የሚያፈነግጥ ምሳሌ አቀረበ። ዛሬ ለተማሪ ስናስረዳ እንዲህ እንላለን፦ ለእያንዳንዱ x ድምሩ በቂ ያህል የሚጠጋበት N የሚባል የተደማሪዎች ብዛት አለ፤ ለሁሉም x የሚሆን አንድ N ግን ላይኖር ይችላል። N ስሙ የወጣለት x ከተመረጠ በኋላ ነው። x ሲቀየር N ም ይቀየራል፤ ልክ እንደዚያ ሰሌዳ b።