ብድሩን ከዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ከዝቅተኛው ወር ያንብቡ

«አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ልከፍት ነው። በኤክሴል የሦስት ዓመት ዕቅዴ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 240,000 ብር ይጎድለኛል። ባንኩን ይህንኑ ልጠይቅ?»

አይበቃዎትም፤ እባክዎ ከማመልከትዎ በፊት ዕቅዱን ወደ 36 ወራት ይዘርዝሩት። ማሽኑ 600,000፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ 240,000፣ ወረቀትና ደመወዝ በወር 130,000 ብር ነው ብለዋል። በወር 200,000 ብር ቢሸጡም ደንበኞችዎ የሚከፍሉት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የራስዎ 400,000 ብር ገብቶም በሁለተኛው ወር ጉድለቱ 700,000 ይደርሳል። የገቢ መግለጫው ይህን አያሳይም፤ እርሱ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 20,000 ብር ትርፍ ይጽፋል።

36ቱ ወራት ከB እስከ AK ባሉት ዓምዶች፣ ከብድር በፊት ያለው የጥሬ ገንዘብ ቀሪ ደግሞ በ20ኛው ረድፍ ከሆነ፣ የሚያስፈልግዎትን ብድር ይህ ቀመር ያወጣል፦

```
=MAX(0,-MIN(B20:AK20))
```

ከዚያ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ይፈትሹ። በ12ኛው ወር ተሰብሳቢው 400,000፣ በአምስት ዓመት የሚያረጀው ማሽን 480,000 ነው፤ የጎደለው 240,000 ሲቀነስ 640,000 ይቀራል። ካፒታልና ትርፍ ሲደመሩም ያው ነው። ካልገጠመ በጥሬ ገንዘቡ አይጠግኑት፤ እኔ ብዙ ጊዜ ስሕተቱን የማገኘው በቅድሚያ ኪራዩ ላይ ነው።

ደንበኞች አንድ ወር ቢዘገዩ ደግሞ የሚያስፈልግዎት 830,000 ይሆናል።