ለጥናት ቡድን የሚላክ ማስታወሻ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምንማር አምስት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጋራ እናጠናለን። ከክለሳ በፊት ይህን መልእክት ላክሁ፦ «ቅዳሜ 8 ሰዓት የሸዋ ነገሥታት ክለሳ ስላለ አባላት ሁለት ጥያቄ አዘጋጅታችሁ እንድትመጡ።» አንዷ «ትእዛዝ ይመስላል» ብላ ቅር አላት፤ ሁለቱ ደግሞ ጥያቄ ሳይዙ መጡ። አጻጻፌ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ጥያቄ ሳይዙ የመጡት ጓደኞችዎ መልእክቱን በትክክል አንብበውት ሊሆን ይችላል። «አባላት ሁለት ጥያቄ አዘጋጅታችሁ» የሚለው ሐረግ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። አንደኛው እያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ያመጣል፣ በድምሩም አሥር ይሆናል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ቡድኑ በጠቅላላ ሁለት ጥያቄ ያዘጋጃል የሚል ሲሆን፣ ይህን የተረዳ ሰው ሌሎቹ ያመጡታል ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። አማርኛ ይህን ብዥታ የሚያጠራበት ቀላል መንገድ አለው፤ ቁጥሩን መድገም ነው። «ሁለት ሁለት ጥያቄ አዘጋጅታችሁ ኑ» ሲባል ድርሻው የነፍስ ወከፍ መሆኑ አያጠራጥርም። ሥራው ለየሰው የተለያየ ከሆነ ደግሞ «የየድርሻችሁን» ማለት ይቻላል። «እያንዳንዱ» የሚለውን ቃል የሚመርጡ ከሆነ ግን ግሱን ይጠንቀቁ፤ «እያንዳንዱ አባል» ካሉ «ይዞ ይምጣ»፣ «እያንዳንዳችሁ» ካሉ «ይዛችሁ ኑ» ይከተላል እንጂ፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው እንደሚታየው «እያንዳንዱ አባል ይዛችሁ» ተብሎ አይደባለቅም።

የቅሬታው ምንጭ «እንድትመጡ» ላይ ነው። በሰዋስው ረገድ ይህ ጥገኛ ግስ ስለሆነ «እናሳስባለን»፣ «አደራ እላለሁ» የመሰለ ዋና ግስ ይጠብቃል፤ እርስዎ ግን አራት ነጥቡን እዚያው አሳርፈዋል። በንግግር «እንዳትረሱ!» ብለን ማቆማችን እርግጥ ነው፤ የአፍራሹ ዐረፍተ ነገር ራሱን ችሎ የተለመደ በመሆኑም ማንንም አይቆረቁርም። አዎንታዊው ሲንጠለጠል ግን የቀረውን ዋና ግስ አንባቢው ከራሱ ይሞላዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላውም በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የለመደውን «እናስጠነቅቃለን» ነው። ለእኩዮች «ይዛችሁ ኑ» የሚለው ቀጥተኛ ትእዛዝ እንኳ ከዚህ ይለዝባል። ከሁሉ የተሻለው ላኪው ራሱንም የሚጨምርበት «ይዘን እንምጣ» ነው፤ እርስዎም ጥያቄ የሚያዘጋጁ አባል ነዎትና። ነገር ግን «እንምጣ» ለጋራ ግዴታ እንጂ ለተለየ ድርሻ አይሆንም፤ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሥራ በ«እንምጣ» ሲጻፍ ባለቤት ያጣል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር ያደረገ ሰው «8 ሰዓት»ን ከሰሌዳው ጋር ቢያስተያየው ጠዋት 2 ሰዓት ሊመስለው ስለሚችል «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብሎ መለየት ይበቃል። ማብቂያውም ቢጻፍ መልካም ነው፤ የሩቅ ቀበሌ ልጅ መመለሻ መኪናውን የሚያሰላው በእሱ ነው። «ቅዳሜ» ብቻውን ደግሞ ሰኞ ለላከ ሰውና ዓርብ ለላከ ሰው እኩል ግልጽ አይደለም፤ ቀኑን በቁጥር ይጨምሩበት።

የርእሱ ስፋትም ሊታሰብበት ይገባል። «የሸዋ ነገሥታት» ብሎ የተነገረው አጥኚ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚያነብ አያውቅም። ወሰኑ በሁለት ስም ቢከለል፣ ዝግጅቱም «በደንብ አንብቡ» በሚል ሳይሆን በእጅ በሚያዝ ነገር ቢገለጽ፣ ያዘጋጀና ያላዘጋጀ ገና ሲገናኙ ይለያል። መልእክቱን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት በተለመደው ቦታ ተገናኝተን የሸዋን ነገሥታት ከሣህለ ሥላሴ እስከ ምኒልክ እንከልሳለን። ሁላችንም ሁለት ሁለት ጥያቄ ከነመልሱ በወረቀት ጽፈን እንምጣ። በተጨማሪ፣ የሣህለ ሥላሴን ዘመን የያዛችሁ ሁለታችሁ ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር የነበራቸውን ግንኙነት በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ አምጡ፤ የኃይለ መለኮትን ዘመን የያዛችሁ ሁለታችሁ የዐፄ ቴዎድሮስን የሸዋ ዘመቻ በቅደም ተከተል ጻፉ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ የተመለሱበትን ታሪክ እኔ አዘጋጃለሁ። መምጣት የማይችል ካለ ዛሬ ማታ ይንገረኝ።»

በዚህ ውስጥ «እንምጣ» የጋራውን፣ «አምጡ» እና «ጻፉ» የተለየውን ድርሻ፣ «አዘጋጃለሁ» የላኪውን እንደያዙ ልብ ይበሉ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በሦስተኛ መደብ «ይንገረኝ» የተባለውም ማን እንደሚቀር ስለማይታወቅ ነው፤ «የማትችሉ ንገሩኝ» ቢባል ስሕተት ባይሆንም፣ ብዙ ሰው እንደሚቀር አስቀድሞ የገመተ ያስመስላል።