ከቤቱ ስንት ሰዓት ላይ እንወጣለን?

ሰሞኑን የፊልም ረዳት ዳይሬክተር ሆኖ ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ኮል ሺት አሁን ማን ያነበዋል? ሰዓቱንና ቦታውን ግሩፑ ላይ ብለጥፈው አይበቃም?» አለኝ። ለየቀረጻው ቀን የሚታደለውን የሥራ ወረቀት ማለቱ ነው። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሳይቀረጽ የቀረ አንድ ትዕይንት ትዝ አለኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ኮል ሺት ላይ ምን እንደሚጻፍ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁና አላረዝመውም። አናቱ ላይ ቀኑ፣ ስንተኛው የቀረጻ ቀን እንደሆነ፣ የሠራተኛው መግቢያ ሰዓት፣ አድራሻው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል። መሃሉ ላይ የቀኑ ትዕይንቶች በሚቀረጹበት ቅደም ተከተል። ከዚያ ተዋንያን በየቁጥራቸው፦ መኪና የሚወስዳቸው፣ ሜካፕ የሚገቡበትና ካሜራ ፊት የሚቆሙበት ሰዓት። ከሥሩ አጃቢ ተዋንያንና ለየክፍሉ የሚያስፈልገው ነገር። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው ቀን ዕቅድ። ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ያኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ወረቀት ማደልና ሰው መጥራት ነበር። የዚያን ቀን ወረቀት ላይ አራት ትዕይንቶች ነበሩ። ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥና ግቢው ላይ፣ አራተኛው ደግሞ ሌላ ቦታ፣ መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።

የመጀመሪያው ትዕይንት 27 ነው። ልጅቷና አንድ ሽማግሌ ይነጋገራሉ። የስክሪፕት ገጽ በስምንት ተከፍሎ እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ፤ ይሄኛው 6/8 ገጽ ነው። ቀጥሎ ትዕይንት 12፣ ልጅቷና እናቷ፣ 2 3/8 ገጽ። የቀኑ ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ከምሳ በኋላ ትዕይንት 40፣ ግቢው ውስጥ፣ ከአጃቢዎች ጋር፣ 5/8። በመጨረሻ ትዕይንት 58፣ ልጅቷና እናቷ መንገድ ላይ ሲለያዩ፣ 6/8። ሲደመር አራት ገጽ ተኩል ይሆናል። ከባድ ቀን ነው፤ የማይቻል ግን አልነበረም።

ወረቀቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት የሚል አንድ መስመር ነበር፦ «ሁሉም ሰው፣ ጠዋት 1 ሰዓት»። የመጀመሪያው ሾት 2:30 ተብሏል። ሁሉም ሰው በሰዓቱ መጣ። ማንም አልዘገየም። ይሄን ልብ በሉ፤ እናንተ ዘንድ ቀን ሲበላሽ ወዲያው የሚፈለገው ያረፈደ ሰው ነው።

ችግሩ ሽማግሌው ነበር። ተዋናዩ ወጣት ነው። ፊቱን ለማስረጀት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ልጅቷ ደግሞ 45 ደቂቃ ትፈልጋለች። የሜካፕ ባለሙያዋ አንድ ናት። ቁጠሩት። ሽማግሌው 1 ሰዓት ተቀምጦ 3 ሰዓት ተነሳ። ልጅቷ ቀጥላ 3:45 ጨረሰች። ካሜራው መሥራት የጀመረው 3:50 ላይ ነው። መብራት ክፍሉ ከአንድ ሰዓት በላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አጃቢዎቹ ከምሳ በኋላ ለሚቀረጽ ትዕይንት ከጠዋቱ ጀምሮ አጥር ተደግፈው ቆመዋል። በተዘዋወርኩ ቁጥር «የእኛ መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ያ ወረቀት እንዴት መጻፍ ነበረበት? ከመጀመሪያው ሾት ወደ ኋላ እየተቆጠረ። ልጅቷ 2:30 ላይ ካሜራ ፊት እንድትቆም 2:15 ሜካፕ መጨረስ አለባት፤ ስለዚህ 1:30 ትቀመጣለች። ወንበሩ 1:30 ባዶ እንዲሆን ሽማግሌው ከንጋቱ 11:30 መቀመጥ አለበት። የሜካፕ ባለሙያዋም ዕቃዋን ለመዘርጋት ከዚያ ትንሽ ትቀድማለች። ሾፌሩ ከሁሉም ይቀድማል። መብራትና ካሜራ 1 ሰዓት ይበቃቸዋል። አጃቢዎቹ 6:30 ቢመጡ ለብሰው፣ ምሳ በልተው 8 ሰዓት ላይ ዝግጁ ናቸው። አያችሁ፣ አንድ ቀን ስድስት የተለያየ የመግቢያ ሰዓት አለው። ግሩፕ ላይ በምትለጠፍ አንድ መስመር ይሄ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። የሜካፕ ባለሙያዋን ከ11:30 በፊት ለመጥራት ትናንት ማታ መቼ እንደጨረሰች ማወቅ አለባችሁ። ብዙ ቦታ ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅበትም አለ። 10 ከሆነ ትናንት ምሽት ከ1:30 በፊት ቦታውን መልቀቅ ነበረባት። ካመሸች የነገው ሰዓት ይገፋል። ለዚህ ነው ረቂቁ በቀን ተሠርቶ የመጨረሻው ወረቀት የዕለቱ ቀረጻ ሲያበቃ የሚበተነው። አሁን አሁን እኩለ ሌሊት ላይ በድምፅ መልእክት «ነገ ትንሽ ቀደም በሉ» የምትሉ አላችሁ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ቀደም የሚለውስ ማን ነው? የእኔ ዘመን ሰዎችም ስንፍና ነበረብን፤ ግን ስንፍናችን ቢያንስ በጽሑፍ ነበር።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ትዕይንት 27 ያለቀው 5:15 ላይ ነው። በዕቅዱ 3:45 ማለቅ ነበረበት። አንድ ሰዓት ተኩል ሄዷል። ዋናው ረዳት ዳይሬክተር ጮክ ብሎ «ቶሎ ቶሎ! ቶሎ ቶሎ!» ይላል። እርግጥ ጩኸት ሥራ ያለ ያስመስላል። ዳይሬክተሩ ትዕይንት 12 ውስጥ ገባ፤ ቆንጆ ትዕይንት ነው፣ አልተቻኮለም። 7 ሰዓት ምሳ ሆነ፤ ከምሳ ተመለስን። ትዕይንት 12 ያለቀው 9:45 ነው። ትዕይንት 40 ደግሞ በ11 ሰዓት አለቀ። ዕቃ ተጭኖ 11:40 ተነሳን። ግማሽ ሰዓት ተጉዘን 12:10 ደረስን።

ፀሐይ የምትጠልቀው 12:15 ነበር። ወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል። ካሜራው ገና ሳጥን ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ከመኪናው ወርዶ መንገዱ መሃል ቆሞ ሰማዩን አየ። ብርሃኑ ልክ እሱ የፈለገው ዓይነት ነበር። ትሪፖዱ ተተክሎ፣ ሌንስ ተገጥሞ፣ ተዋንያኑ ቦታቸውን እስኪይዙ ጨለመ። መንገዱን የመዝጋት ፈቃድ የነበረን ለዚያ ምሽት ብቻ ነበር። እናትና ልጅ መንገድ ላይ ሳይለያዩ ቀሩ። ፊልሙ ውስጥ በስልክ ነው የሚሰነባበቱት። ያዩት ሰዎች ምንም አልጎደለም ይላሉ። እኔ ግን እናትየዋ ልምምድ ላይ እንዴት እንደዞረች አይቻለሁ።

ከዚያ ወረቀት የጎደለው አንድ ቁጥር ነው፦ ከቤቱ ለመውጣት ቀረጻው የሚቆምበት ሰዓት። እሱም ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ፀሐይ 12:15 ትጠልቃለች። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ 11:45፣ ሁሉም ቆሞ መለማመድ አለበት። ዕቃ ለማውረድና ለመትከል አንድ ሰዓት ስጡት፤ 10:45 መድረስ ነው። ጉዞው 30 ደቂቃ፤ 10:15 መነሳት። ለመጫን 45 ደቂቃ። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የመጨረሻው ሾት 9:30 ማለቅ አለበት። ወረቀቱ ላይ በደማቁ መጻፍ የነበረበት 9:30 ነው። «ፀሐይ 12:15 ትጠልቃለች» የሚለውን ሁሉም አንብቦታል፤ ግን ያ ቁጥር ቤት ውስጥ ላለ ሰው ምንም አያዝዘውም።

ያ ቁጥር ቢኖር ኖሮ 5:15 ላይ የምንጠይቀው ሌላ ነበር። ከ5:15 እስከ 9:30 የምሳው ሲቀነስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይቀራል። ቤቱ ውስጥና ግቢው ላይ ያልተቀረጸው ሦስት ገጽ ነው። የጠዋቱ 6/8 ብቻውን አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ወስዷል። አይበቃም። እንግዲህ ከቀሩት ሦስት ትዕይንቶች አንዱ መነካት አለበት። የትኛው? መልሱ እኔ ሳድለው የዋልኩት ወረቀት ግርጌ ላይ ነበር። ነገም እዚያው ቤት ነን፤ ትዕይንት 13፣ ያቺው ልጅና ያቺው እናት። ትዕይንት 12ን ከፍሎ ግማሹን ለነገ ማሳደር ይቻል ነበር። አጃቢዎቹ በስህተት ተጠርተውም ቢሆን እዚያው ነበሩ፤ ትዕይንት 40 ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር። ከምሳ በኋላ የትዕይንት 12ን እኩሌታ ቀርጾ 9:30 መጨረስ ይቻላል።

ነፃ አይደለም። ለሁለት ቀን የተከፈለ ትዕይንት በመስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ፀጉሩ፣ ልብሱ ሁሉ እንዲገጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳይሬክተሩም ይቆጣል። ረዳቱ ግን ጠጋ ብሎ «12ን ካልከፈልነው 58ን እናጣለን፤ የቱ ይሻልሃል?» ማለት ይችላል። ምርጫው የዳይሬክተሩ ነው። ምርጫ እንዳለው በጊዜው መንገር ግን የረዳቱ ሥራ ነው። 11 ሰዓት ላይ ቢነግረው ዜና ነው እንጂ ምርጫ አይደለም።

ኋላ ላይ አብሬያቸው የሠራሁ አንድ አንጋፋ ረዳት ኮል ሺቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ይይዙ ነበር። ከእያንዳንዱ የታተመ ሰዓት ጎን በእስክሪብቶ እውነተኛውን ይጽፋሉ። የመጀመሪያ ሾት፣ የየትዕይንቱ ማለቂያ፣ የምሳ መውጫና መግቢያ። ማታ የዕለቱ ሪፖርት ከዚያ ይገለበጣል። ልዩነቱ 30 ደቂቃ ሲደርስ ዳይሬክተሩ ጋ ይሄዳሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከእኚሁ ሰው ጋር ስንሠራ አንድ ጊዜ የወደቀ መብራት የአንዱን እጅ ሲቆርጥ ሆስፒታሉ የት እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ መኪናው ወጣ። ሾፌሩ ጠዋት ወረቀቱ ላይ አንብቦት ነበር።

የተበተነ ኮል ሺት አይነካም እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም እላለሁ። አሁን የጻፍኩትን ሳነበው ግን 5:15 ላይ ወረቀቱን መቅደድ ነበረብን እያልኳችሁ ነው። ሁለቱንም ያዙት። ቅደም ተከተሉ እንደ ሁኔታው ይቀየራል። የሰው መግቢያ ሰዓት ሌሊት ላይ ከተቀየረ ግን አዲስ ወረቀት፣ አዲስ የማሻሻያ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስልክ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ ግሩፑ ላይ ለጥፈው፣ አልከለክልህም። ሙሉውን ወረቀት በፒዲኤፍ ለጥፈው። ከኔ ዘመን ወረቀት ይልቅ ቶሎ ይደርሳል። ግን ያየ ሁሉ ተቀብሏል ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት ለብቻ ላክለትና ሰዓቱን ራሱ ጽፎ እንዲመልስልህ ጠይቀው። «እሺ» ብቻ ካለ ድጋሚ ጠይቀው። ያልመለሰውን ከመተኛትህ በፊት ደውልለት። ከሜካፕ ባለሙያዋ ጀምር፤ ከእሷ ቀጥሎ ሾፌሩን።