የኤክሴል ሠንጠረዡ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲወርድ ኮሚሽኑ ለምን ይሳሳታል?

«120,000 ብር የሸጠው ሠራተኛ 4 በመቶ ሊያገኝ ሲገባው 2 በመቶ ይመጣል፤ 60,000 የሸጠችው ደግሞ #N/A ይላል። ሠንጠረዤ ከ400,000 ጀምሮ ወደ 0 ይወርዳል። ቀመሩ ምን ጎደለው?»

ቀመሩ ምንም አልጎደለውም፤ ሠንጠረዡ ተገልብጦ ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ ያስተካክሉት፦

```
E        F
0        2%
50000    3%
100000   4%
200000   5%
400000   6%

=VLOOKUP(B2,$E$2:$F$6,2,TRUE)
```

TRUE ሲሉት ኤክሴል ረድፎቹን አንድ በአንድ አያነብም። መሃል ላይ ይከፍትና ከዚያ ወደየት እንደሚሄድ ይወስናል፤ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እንደምናደርገው ማለት ነው። የእርስዎ ሠንጠረዥ መሃል 100,000 ነው። 120,000 ከዚያ ስለሚበልጥ «ትልልቆቹ ከታች ናቸው» ብሎ ይወርዳል፤ እዚያ 50,000ን፣ ቀጥሎም 0ን ያገኛል። ሁለቱም ከ120,000 ስለሚያንሱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቆምና 2 በመቶ ይሰጣል። 60,000 ግን ከ100,000 ስለሚያንስ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ያሉት 200,000 እና 400,000 ናቸው፣ የሚያንስ የለም፣ ስለዚህ #N/A። ይህኛው እንኳ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የገባው 2 በመቶ ነው፤ ደመወዝ እስኪከፈል ማንም ላያየው ይችላል።

የ0 ረድፉን አይሰርዙ፤ ከ50,000 በታች የሸጠ ሁሉ #N/A ይሆንብዎታል። የግድ ከትልቁ መጀመር ካለበት ኤክሴል 2021 ወይም 365 ላይ ቅደም ተከተል የማይጠይቀው ይህ አለ፦

```
=XLOOKUP(B2,$E$2:$E$6,$F$2:$F$6,,-1)
```